የሦስት ወር ቅናሽ፣ የተቆረጠ ቀን

ክረምት ሲገባ በኮልፌ ቀራኒዮ የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል። አጠና ተራ ላይ የሚጫነው እንጨት ያንሳል። በወይራ ሰፈር፣ በአየር ጤናና በካራቆሬ ግቢዎች የሚኖሩ ግንበኞች፣ ጂፕሰም ሠሪዎችና ቀለም ቀቢዎች ሥራ የሚያገኙበት ቀን እየሳሳ ይሄዳል። ኪራዩ ግን ወሩ ሲገባ መጠየቁ አይቀርም።

ገቢው የወረደ ተከራይ በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲያደርግ እናያለን። አንዱ ዝም ይላል፤ አከራይዋ ሳይነሱ ማልዶ ይወጣል፣ ከተኙ በኋላ ይገባል፣ ስልክ አያነሳም። ሌላው «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ብሎ ይለምናል፤ ስንት ብር እንደሚጎድል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሦስተኛውንና ብዙም ያልተለመደውን መንገድ ነው፦ ተከራዩ ራሱ ቀድሞ ሄዶ «ለዚህን ያህል ወር ይህን ያህል እከፍላለሁ፤ በዚህ ቀን ተቀምጠን እንደገና እናየዋለን» ብሎ የሚያቀርበውን ሐሳብ። ሕጉ ለዚህ ሐሳብ ምን ቦታ ይሰጣል? ከዚህ በፊት ኪራይ ሲቀነስ እንዴት ተቀነሰ? ግቢ ውስጥስ በምን ይፀናል፣ በምን ይፈርሳል?

በሀገራችን ኪራይ ሲቀንስ የኖረው በአብዛኛው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይም በሕግ ቀነሰ። ያ ቅናሽ የመመለሻ ቀን አልነበረውም። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤቱ ከሚከፍለው ጋር የማይነጻጸር ትንሽ ኪራይ የሚከፍለው ከዚያ በመነሳት ነው። አከራዮች «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ሲሰሙ የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አንዴ የወረደ ኪራይ ሳይመለስ እንደሚቀር የቤተሰብ ትዝታ የነገራቸው ሰዎች አሉ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሚያዝያ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ማስፈጸሚያ ደንብ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከለከለ። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በሚያስተዳድራቸው ቤቶች ላይ ለአጭር ጊዜ ኪራዩን በግማሽ ቀነሰ፤ በየሰፈሩም ኪራይ የማሩ ግለሰቦች ነበሩ። ሆኖም ደንቡ ማስወጣትን ከለከለ እንጂ ኪራዩን ራሱን አልሰረዘም። ያልተከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን፣ ይማራል ወይስ በኋላ ይከፈላል የሚለው ለሁለቱ ወገኖች ተተወ። ብዙዎቹ ስለዚህ ሳይነጋገሩ ስለቀሩ የአስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ ጥያቄው ባለበት ጠበቃቸው። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን በጊዜያዊነት ሲከለክልም ትኩረቱ ጭማሪው ላይ ነበር፤ ገቢው የወረደበትን ሰው የሚመለከት ነገር አልነበረውም።

አሁን የምንኖርበት ሕግ በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚደረገው በወረዳ ደረጃ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው በሚያሳውቀው ጣሪያ ውስጥ ካልሆነ አይፈቀድም። ለተከራይ ትልቅ መጠለያ ነው። ነገር ግን ኪራይን በወቅቱ አለመክፈል ሕጉ ራሱ ከሚያውቃቸው የውል ማቋረጫ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ዝም ያለው ተከራይ የሁለት ዓመት ጥበቃውን በገዛ እጁ እያፈረሰ ነው። ስለ ጎደለው ሳይነጋገር ግማሹን ብቻ የላከውም ከእርሱ ብዙም አይሻልም፤ ስምምነት ከሌለ ግማሽ ክፍያ ያው ጉድለት ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢሄድስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል። በአንቀጽ 1763ና 1764 አካባቢ ያለው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሁኔታው ተለውጦ የአንዱ ወገን ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ ይጸናል፤ ዳኛውም ርትዕ ብሎ የውሉን ቃል አይቀይርም፤ የተዛባውን ሚዛን ማስተካከል የሚችሉት ተዋዋዮቹ ራሳቸው ናቸው። በሌላ አነጋገር ሥራ ማጣት እውነተኛ ችግር ቢሆንም የኪራይ ዕዳን አይቀንስም። ለዚህ ነው ሐሳቡ ከተከራዩ አፍ፣ ከመክፈያው ቀን በፊት መውጣት ያለበት።

እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ነገሩን ሁሉ የሚይዘውም እሱ ይመስለኛል። አከራይዋ ከ9,000 ብር ወደ 6,000 ብር ዝቅ ካሉ ከሦስት ወር በኋላ ወደ 9,000 መመለሱ በሕጉ ዓይን ምን ይባላል? አዋጁ የተጻፈው ጭማሪን ለመቆጣጠር ታስቦ ነው። ወረቀቱ «ኪራዩ 6,000 ብር ሆኗል» የሚል ከሆነ መመለሱ የ50 በመቶ ጭማሪ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን የሰማች ወይም ልጆቿ የነገሯት አከራይ እሺ ለማለት የምታመነታው ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ደግነቷ መልሶ እንዳያስራት ፈርታ ነው። ይህን ፍርሃት ማንሳት የሚችለው ተከራዩ ነው። «የውሉ ኪራይ 9,000 ብር እንደሆነ ይቆያል፤ ለሦስት ወር ብቻ ከዚሁ ላይ 3,000 ብር ይቀነሳል» ብሎ መጻፍ «ኪራዩ 6,000 ሆኗል» ከማለት ፈጽሞ ይለያል። ተከራዩ ይህን ቃል ራሱ ይዞ ሲመጣ ከሚጠይቀው በፊት ዋስትና እየሰጠ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ወይራ ሰፈር ውስጥ አከራይዋ በሚኖሩበት ግቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ የተከራዩ ባልና ሚስት እናስብ። እሱ ጂፕሰም ሠሪ ነው፤ እሷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ኪራያቸው 9,000 ብር ነው። በበጋ እሱ በወር 18,000 ብር ያህል ያገኛል፤ የእሷ ትርፍ 8,000 ነው። ሰኔ ላይ ተቋራጩ ሥራውን አቆመ። አሁን እሱ እዚህም እዚያም በሚያገኘው የቀን ሥራ 6,000 ብር ያመጣል፤ በጠቅላላው 14,000 ብር ነው። ምግብ፣ መብራትና ውኃ፣ ታክሲና የልጁ ወጪ ተቆጥሮ ከዚህ በታች አይወርድም የተባለው 7,500 ብር ነው። የሚቀረው 6,500 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ ከመቶኛ መነሳት ነው፤ «ግማሽ ይቀንሱልኝ» ይላል፣ ግማሹ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ሁለተኛው የቀረውን በሙሉ ማቅረብ ነው። 6,500 ብር ቃል የገባ ሰው ልጁ ሁለት ቀን ቢታመም ቃሉ ይፈርሳል፤ በስምምነት ከተቀነሰ ኪራይ ላይ እንደገና መጉደል ደግሞ ከመጀመሪያው ጉድለት ይልቅ አመኔታን ይጎዳል። ስለዚህ 500 ብሩን መጠባበቂያ አድርጎ 6,000 ብር ያቀርባል። በየወሩ 3,000 ብር ይጎድላል፤ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ተደምሮ 9,000 ብር ይሆናል። ጳጉሜ እንደተለመደው አትታሰብም።

ይህ 9,000 ብር ከቤቱ የአንድ ወር ኪራይ ጋር እኩል ነው። አከራይዋ ልብ ውስጥ የሚመዘነውም ይሄ ነው። እነዚህ ተከራዮች ወጥተው ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ የሚያጡት ያንኑ ያህል ነው፤ የደላላና የቀለም ወጪ ሳይቆጠር። እዚህ ላይ ግን መዋሸት አያስፈልግም። በአየር ጤናና በቤተል መስመር ጥሩ ቤት በሳምንት ውስጥ ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ደላላው «በ11,000 የሚይዝ አለኝ» ማለቱም የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ ሒሳቡ ለተከራዩ አይደላም። የሚቀረው በወረዳ የተመዘገበው የሁለት ዓመት ውል፣ እስከ ትናንት ሳይዘገይ የከፈለበት የባንክ መዝገብና ግቢ ውስጥ ያፈራው አመኔታ ነው። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ከሦስቱ አንዱ ቀድሞውኑ እንደሌለው ማወቅ አለበት።

የጎደለው 9,000 ብር ይማራል ወይስ ይዘገያል? በ2020 እ.ኤ.አ. ሌሎች አገሮች የተለያዩበት ነጥብ ይህ ነበር። ጀርመን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ሦስት ወራት በወረርሽኙ ምክንያት ኪራይ ያልከፈለ ሰው በዚያ ዕዳ ብቻ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ዕዳው ግን አልተማረም፤ እስከ ሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ተከፍሎ እንዲያልቅ ጊዜ ተሰጠው። አውስትራሊያ ለትንንሽና መካከለኛ ንግዶች ባወጣችው የሥነ ምግባር ደንብ ቅናሹን ከገቢው መውረድ ጋር አያያዘች፤ ከቅናሹ ቢያንስ ግማሹ እንዲማር፣ የቀረው በረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲመለስ አደረገች። የእኛ ግቢ የውጭ ደንብ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ግማሽ በግማሽ የሚለው ሐሳብ ለሁለቱም ወገን የሚቀል ይመስለኛል። ሁሉም ይማር ማለት አከራይዋ ብቻቸውን ችግሩን ይሸከሙ ማለት ነው። ሁሉም ይዘግይ ማለት ደግሞ ክረምቱን በጭንቅ ያለፈውን ሰው በበጋ ዕዳ ውስጥ ማስገባት ነው።

በምሳሌያችን እንግዲህ 4,500 ብር ይማራል፤ 4,500 ብር ደግሞ ሥራ ከሚነሳበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በስድስት ወር በየወሩ 750 ብር እየሆነ ይመለሳል። ይህ 750 ብር ከኪራዩ ጋር ተደምሮ 9,750 ሆኖ መላክ የለበትም። በቴሌብርም ይሁን በባንክ ለብቻው ይላካል፤ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታም «የዘገየ ኪራይ ክፍያ 1ኛ» ተብሎ ይጻፋል። አለበለዚያ መዝገቡን በኋላ የሚያይ ሰው ኪራይ የተጨመረ ሊመስለው ይችላል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ከብሩ መጠን ይልቅ ቀኑ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። «ሥራ እስካገኝ ድረስ» የሚል ቅናሽ ማለቂያ የለውም፤ አከራይዋ በየሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ፣ ተከራዩም ሰላምታቸውን መሸሽ ይጀምራል። ቀን ከተቆረጠ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱም ያርፋሉ። የቀኑ ምርጫ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። የመስከረም መጀመሪያ አይሆንም፤ ዘመን መለወጫው፣ የልጁ ምዝገባና ደብተሩ፣ ከዚያም መስቀል ኪስ ያራቁታሉ፤ በዚያን ጊዜ የተቀመጠ ሰው ስለ ገቢው እውነተኛ ሥዕል የለውም። የመጨረሻው የቅናሽ ወር ካለቀ በኋላም አይሆንም፤ አዲሱ ክፍያ ደርሶ ሁለቱም ተጨናንቀው ይገናኛሉ። መስከረም 25 ጥሩ ነው። በዓሉ አልፏል፣ ዝናቡ ቆሟል፣ ተቋራጩ ሥራ ይጀምር አይጀምር ታውቋል፣ ጥቅምት 1 ሊደርስ ደግሞ ስድስት ቀን ይቀራል።

ቀኑ ብቻውንም አይበቃም። በዚያ ቀን ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ተከራዩ «ቅናሹ ቀጥሏል» ይላል፣ አከራይዋ «አልቋል» ይላሉ። ንጹሑ መፍትሔ ይህ ነው፦ አዲስ ስምምነት ካልተጻፈ ከጥቅምት 1 ጀምሮ የውሉ ኪራይ በሙሉ ይከፈላል። ይህ ተከራዩን የሚጎዳ ቢመስልም አከራይዋን እሺ የሚያሰኘው ይሄው ነው። የግንባታ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሙሉ ክፍያ የሚያገኘው ወሩ አልቆ ስለሆነ «ቅናሹ ለጥቅምት ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊራዘም ይችላል» የሚል መስመርም ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛ መራዘሚያ ግን አልመክርም። አራት ወር አልፎ ገቢው ካልተመለሰ ችግሩ ጊዜያዊ አልነበረም፤ መነጋገር ያለበት ስለ ቅናሽ ሳይሆን በጊዜው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወደሚችሉት ቤት ስለ መዛወር ነው።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቀኑ፣ የሁለቱ ስም፣ የዋናው ውል የምዝገባ ቁጥር ከላይ ይሰፍራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «በዋናው ውል የተወሰነው የወር ኪራይ 9,000 (ዘጠኝ ሺህ) ብር እንደጸና ሆኖ፣ ተከራይ ገቢው ለጊዜው በመቀነሱ ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ለሦስት ወር በየወሩ 6,000 (ስድስት ሺህ) ብር እንዲከፍል ተስማምተናል። ከተቀነሰው 9,000 ብር ውስጥ 4,500 ብር ተምሯል፤ 4,500 ብር ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በየወሩ 750 ብር ይከፈላል። መስከረም 25 ተገናኝተን ሁኔታውን እናያለን፤ ቅናሹ ለጥቅምት ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊራዘም ይችላል። በዚያ ቀን ሌላ የጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ሙሉው ኪራይ ይከፈላል፤ ይህም የኪራይ ጭማሪ ተደርጎ አይቆጠርም።» ሁለቱ ይፈርማሉ፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል። ልዩ ፎርም ያለው ውል በዚያው ፎርም ይሻሻላል የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1722 ስላለ፣ ዋናው ውል ወረዳ ከተመዘገበ ማሻሻያውንም ወደዚያው መውሰድ ይገባል። ይህ ለአከራይዋም ይጠቅማል፤ የተመዘገበው ኪራይ ለግብር መነሻ ሊሆን ስለሚችል 6,000 እየተቀበሉ የ9,000 ብር ግብር እንዳይጠየቁ ማስረጃ ይሆናቸዋል።

አነጋገሩ እንዴት ይሁን? ሰኔ 20 አካባቢ፣ አከራይዋ ቡና በሚያፈሉበት ሰዓት፣ ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ ይሻላል። «እትዬ፣ የሰኔውን ጨርሰን ከፍለናል። ሥራዬ ቆሟል፤ እስከ መስከረም የምችለው 6,000 ነው፤ አስልቼዋለሁ። ቤቱ የ9,000 መሆኑ አይቀየርም። መስከረም 25 መጥቼ የደረስኩበትን እነግርዎታለሁ።» ከዚያ በላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ልጄ፣ ለልጆቼ ልንገራቸው» ካሉ ጊዜ ይስጣቸው፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው የሚመጣው ውጭ አገር ካለው ልጅ ነው፣ ያን ልጅ የሚያሳምነውም ወረቀቱ ነው። እምቢ ካሉ በአካባቢው የሚከበር ሽማግሌ ወይም የእድር ዳኛ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ ይዞ መሄድ ክስ ይመስላል።

አከራዩ ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ይታሰባል። እሱ ለባንክ በየወሩ የሚከፍለው የቤት ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ያ ክፍያ 5,000 ብር ከሆነ 4,000 ብር ማቅረብ እሱን ራሱን ባለዕዳ ማድረግ ነው፤ የቅናሹ ወለል የባንኩ ክፍያ መሆን አለበት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ «ለባንክ ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ የጠየቀ ተከራይ እንዲያውም ነገሩን ከሁለቱም ወገን እንዳሰበው ያሳያል።

ስምምነቱ እየላላ መሆኑ በትንንሽ ነገር ይታወቃል። አከራይዋ ስለ ውኃው መብዛት፣ ስለ እንግዳው መብዛት ማንሳት ይጀምራሉ። ደላላ «ቤት ላሳይ» ብሎ ሰው ይዞ ይመጣል። ተከራዩም በ3ኛው ቀን ይከፍል የነበረውን 6,000 ብር በ9ኛው፣ በ12ኛው መላክ ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መስከረም 25ን መጠበቅ የለበትም። በተለይ ክፍያው የዘገየው በተከራዩ ምክንያት ከሆነ በዚያው ቀን ሄዶ መናገር ነው። ሥራው ቀድሞ ከተጀመረም እንዲሁ፤ ነሐሴ ላይ ጥሩ ሥራ አግኝቶ እስከ መስከረም 30 በቅናሹ የተቀመጠ ሰው ውል አላፈረሰም፣ ግን ግቢው ውስጥ አዲስ ልብስ ሲታይ አከራይዋ የሚያስቡትን ራሱ ያውቃል።

መስከረም 25 ሲደርስ ምሳሌያችን ውስጥ ያለው ጂፕሰም ሠሪ ተቋራጩ ሥራ እንደጀመረ፣ የመጀመሪያ ክፍያ ግን ለጥቅምት 20 እንደተቀጠረ ይዞ ይሄዳል እንበል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የአንድ ወር መራዘሚያ ይጠይቃል፣ አከራይዋም ይፈርማሉ። የጥቅምቱ 3,000 ብር ይማር ወይስ ይዘግይ የሚለውን ግን በቃል አይተውትም፤ ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው «የጥቅምት 3,000 ብር ሙሉ በሙሉ ይዘገያል፣ በግንቦትና በሰኔ ይከፈላል» ብለው ይጽፋሉ፣ ያው ሁለት ምስክር ይፈርምበታል።